ከዜሮ በታች የሚወርድ ግብር

ጎረቤቴ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። ደመወዟ 2,500 ብር ነው። ባለፈው ወር አንድ ማታ መጥታ በሩን አንኳኳች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አለች። ሆቴሉ ፔሮሉን ሊቀይር ነው አሉ። ወረቀቱ ላይ 1,800 ብር ይጻፋል፤ ቀሪው 700 ብር በእጅ ይሰጣታል። «ግብሩ ይቀርልሻል፤ ላንቺ ነው የሚጠቅመው» ብለዋታል። ልፈርም ወይስ ይቅር ብላ ነው የመጣችው።

ወረቀትና እስኪርቢቶ አወጣሁና አብረን አሰላነው። ያቺ ስሌት ከሄደችም በኋላ አልለቀቀችኝም። በታክስ ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ የሚያከራክር አንድ ትልቅ ጥያቄ በእሷ ፔሮል ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጥያቄው ይሄ ነው፦ መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ ያለውን ሠራተኛ በግብር ሥርዓቱ በኩል መደገፍ ከፈለገ እንዴት ነው የሚደግፈው?

በመጀመሪያ ዛሬ ያለውን እንይ። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ከመሻሻሉ በፊት ከግብር ነፃ የነበረው ደመወዝ በወር እስከ 600 ብር ብቻ ነበር። አሁን እስከ 2,000 ብር ያለው ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይከፈልበታል። እንዲህ እያለ ከ14,000 ብር በላይ 35 በመቶ ይደርሳል።

ጎረቤቴ በድሮው ሕግ 232 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ትከፍል ነበር። አሁን 75 ብር ነው የምትከፍለው። በወር 157 ብር ከ50 ቀርቶላታል። ትንሽ ብር አይደለም፤ በእሷ ቤት ሲታይ ደግሞ ብዙ ነው። በዚያው ማሻሻያ 20,000 ብር የሚከፈለው ሰው የቀረለት 550 ብር ነው። ከደመወዙ አንፃር ካየነው እሷ የተሻለ አግኝታለች፤ ይሄን መካድ አይገባም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነገ ኑሮው ሲከብድ «ከግብር ነፃ የሆነው ወለል ከፍ ይበል» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። እሺ፣ ወለሉ 4,000 ብር ሆነ እንበል። ጎረቤቴ ምን ታገኛለች? 75 ብር። በቃ። የምትከፍለው ግብር እሱ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚቀርላት ነገር የለም። 20,000 የሚከፈለው ሰው ግን 300 ብር ይቀርለታል። 1,900 ብር የሚከፈላት የወጥ ቤት ረዳት ጓደኛዋ ደግሞ ምንም አታገኝም። ግብር በመቀነስ የሚመጣ እርዳታ ዜሮ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ደሃው ያለው ደግሞ እዚያው ዜሮው አጠገብ ነው።

ታዲያ ግብር ለምን ዜሮ ላይ ይቆማል? ይሄን ጥያቄ አፍታተው ካቀረቡት አንዱ አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ የገቢ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በላይ ያለ ሰው ግብር ይከፍላል። ከመስመሩ በታች ያለ ሰው ደግሞ የጎደለውን ያህል እየተሰላ የተወሰነ ድርሻ ከመንግሥት ይከፈለዋል። ግብሩ ከዜሮ በታች ወርዶ ወደ ሰውየው ይፈስሳል ማለት ነው። አሉታዊ የገቢ ግብር ይሉታል።

በጎረቤቴ ደመወዝ እንሞክረው። መስመሩ 4,000 ብር፣ ድርሻው ግማሽ ይሁን። እሷ 2,500 ታገኛለች፤ ከመስመሩ 1,500 ጎድሏታል፤ ግማሹ 750 ብር ነው። በየወሩ 750 ብር ይጨመርላታል። ምንም ገቢ የሌለው ሰው 2,000 ብር ያገኛል። አንድ ሰው 100 ብር ተጨማሪ ሠርቶ ሲያመጣ ድጎማው በ50 ብር ይቀንሳል። ስለዚህ መሥራት ሁልጊዜ ካለመሥራት ይሻላል።

ወረቀት ላይ በጣም ያምራል። አሜሪካኖችም ወደውት በደንብ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ መጀመሪያ ኒው ጀርሲና ፔንሲልቬኒያ፣ ቀጥሎ በአዮዋና በሰሜን ካሮላይና ገጠሮች፣ ከዚያም በጌሪ፣ በሲያትልና በዴንቨር ከተሞች ቤተሰቦች በዕጣ ተመርጠው ለዓመታት ተከታተሏቸው። ሰው ሥራ ይተዋል የሚለው ፍርሃት እንደተባለው አልሆነም። ባሎች የሥራ ሰዓታቸውን የቀነሱት በትንሹ ነው። ሚስቶችና ወጣቶች ግን ከዚያ በዛ አድርገው ቀንሰዋል።

እኔን የያዘኝ ሌላው ውጤት ነው። ጌሪ በምትባለው የብረት ፋብሪካ ከተማ ተመራማሪዎቹ ሰዎቹ ራሳቸው የተናገሩትን ገቢ ከሌላ መዝገብ ጋር አስተያዩት። «ሥራ ቀነሰ» ከተባለው ውስጥ አንዱ ክፍል ሥራ መቀነስ ሳይሆን ወሬ መቀነስ ሆኖ ተገኘ። ሰዎቹ እየሠሩ ነበር፤ የደበቁት ገቢውን ነው። በአሉታዊ የገቢ ግብር ስሌት የሚታየው ገቢህ ባነሰ ቁጥር የሚሰጥህ ይበዛላ።

ወደ ጎረቤቴ ፔሮል እንመለስ። ዛሬ 2,500 ብር ሙሉ ሲጻፍ 75 ብር ግብር፣ 175 ብር የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። እጇ ላይ የሚደርሰው 2,250 ብር ነው። 1,800 ብር ከተጻፈ ግብሩ ዜሮ ነው፤ ጡረታው 126 ብር። 1,674 ብር በፔሮል፣ 700 ብር በእጅ፣ በድምሩ 2,374 ብር። ልዩነቱ 124 ብር ነው። ሆቴሉ ደግሞ 11 በመቶ የአሠሪ መዋጮ ከ700 ብሩ ላይ ይቀርለታል፤ 77 ብር መሆኑ ነው። ያ «ላንቺ ነው የሚጠቅመው» ያላት ሰው የራሱን 77 ብር አልነገራትም።

አሁን በዚህ ላይ አሉታዊ የገቢ ግብር ጨምሩበት። 2,500 ከተጻፈ ድጎማው 750 ብር ነበር። 1,800 ከተጻፈ ከመስመሩ የጎደለው 2,200 ስለሚሆን ድጎማው 1,100 ብር ይሆናል። የ350 ብር ልዩነት ነው። የቀድሞው 124 ሲደመርበት ገቢ መደበቅ በወር 474 ብር ያስገኛል። አሠሪውም ሠራተኛውም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ አሳንሶ መጻፍ ለሁለቱም ይበጃል። የሚከለክል ሰው የለም።

ባለቤቷ ደግሞ አለ። የቀን ሥራ ነው የሚሠራው። አዘዞ በኩል ግንባታ ሲገኝ ይሄዳል፤ ሳይገኝ ይቀመጣል። ለጥምቀት ሰሞን ከተማው ሰው ሲሞላ ዕቃ ይሸከማል፣ ወንበር ያከራያል። የሱን ገቢ የጻፈ ሰው የለም፤ በመዝገብ ዜሮ ነው። ሙሉ 2,000 ብር ይገባዋል ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ እንደ እሱ ዓይነት ስንት ሰው አለ? ልብስ አጣቢዋ፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክበው፣ ጠላ የምትሸጠው፣ ሊስትሮው። የብዙው ሰው ገቢ በማይጻፍበት ከተማ ውስጥ የተጻፈ ገቢን መለኪያ አድርጎ ለጎደለው መክፈል አይቻልም። ለሁሉም መክፈል ይሆናል፤ ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ ደግሞ የለም።

አሜሪካኖች ራሳቸው ሐሳቡን በሙሉ አልወሰዱትም። ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ወደዚህ የሚጠጋ ዕቅድ አቅርቦ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት አሳልፎለት ሴኔት ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን ትንሽ የምትመስል፣ በኋላ ግን ትልቅ የሆነች ሌላ ነገር ጀመሩ። ለሚሠራ ሰው ብቻ የሚሰጥ የግብር ማካካሻ ነው። ማካካሻው ከሰውየው ግብር ከበለጠ ትርፉ በጥሬ ገንዘብ ይመለስለታል። ከሌላው የግብር ቅናሽ የሚለየው በዚህ «ይመለስለታል» በሚለው ቃል ነው። ተራ ቅናሽ ዜሮ ላይ ይቆማል፤ ተመላሽ ማካካሻ ዜሮን አልፎ ይወርዳል።

አሰጣጡም የፍሪድማን ሐሳብ ተቃራኒ ነው። ሲጀመር ልጅ የሚያሳድግ ሠራተኛ ካገኘው ገቢ ላይ 10 በመቶ ይጨመርለት ነበር፤ ገቢው 4,000 ዶላር እስኪደርስ። እዚያ ላይ ከፍተኛው 400 ዶላር ይሞላል። ከ4,000 በላይ እየቀነሰ ሄዶ 8,000 ላይ ያልቃል። ዛሬ በጣም አድጓል። ለእ.ኤ.አ. 2024 የግብር ዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ላለው ሠራተኛ እስከ 7,830 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ልጅ ለሌለው ግን 632 ዶላር ብቻ ነው። ዋናው ነገር ግን አልተለወጠም። ከታች ያለው ሰው ገቢው ሲጨምር ማካካሻውም ይጨምራል። ዜሮ ገቢ ያለው ዜሮ ያገኛል።

ይሄ ለማይሠራው ወይም ሥራ ላጣው ጨካኝ ነው፤ እውነት ነው። ለሱ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ ሴፍቲኔትን የመሰለ። ገቢው ለተጻፈ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ግን ነገሩን ምን ያህል እንደሚለውጠው ተመልከቱ።

ለሙከራ የራሴን ስሌት ሠራሁ። ማንም መንግሥት ያወጣው አይደለም። መጀመሪያ ከእያንዳንዱ 100 ብር ደመወዝ ላይ 20 ብር ይጨመር ብዬ ጀመርኩ። አልሠራም። ምክንያቱ ከ2,000 ብር በላይ እያንዳንዱ 100 ብር 15 ብር ግብርና 7 ብር ጡረታ ይቆረጥበታል፤ 22 ብር። ማካካሻው 20 ከሆነ እውነቱን መጻፍ አሁንም 2 ብር ያስከስራል። ሰው ደግሞ ይሄን ያሰላል። ስለዚህ ወደ 25 ብር አሳደግሁት። ደመወዙ 3,000 እስኪደርስ 25 በመቶ ይጨመራል፤ ከፍተኛው 750 ብር ነው። እስከ 4,000 እዚያው ይቆያል። ከ4,000 በኋላ ከእያንዳንዱ 100 ብር 25 ብር እየቀነሰ 7,000 ላይ ያልቃል።

ለጎረቤቴ 2,500 ሲጻፍ ማካካሻው 625 ብር ነው። እጇ ላይ 2,875 ብር ይገባል። 1,800 ሲጻፍ ማካካሻው 450 ብር ብቻ ስለሆነ በእጅ የሚሰጣት ተጨምሮ 2,824 ብር ታገኛለች። እውነቱን ማስጻፍ በወር 51 ብር ያስገኛል። ዛሬ መደበቅ 124 ብር ያስገኝላታል፤ በአሉታዊው የገቢ ግብር 474 ብር ያስገኝላት ነበር፤ በዚህኛው ግን መደበቅ ያከስራታል። አሠሪው አሁንም 77 ብሩን ይፈልጋል። ግን ሠራተኛዋ ከሱ ጋር አይደለችም። «ሙሉውን ጻፍልኝ» የምትል ሰው ፔሮሉ ውስጥ ተገኘች። ግብር ሰብሳቢው በየሆቴሉ ተቆጣጣሪ ቢያቆም ይሄን አያገኝም።

ሌብነቱ ግን አይጠፋም፤ ፊቱን ያዞራል። አሁን የሚያስፈራው ገቢ አሳንሶ መጻፍ ሳይሆን የሌለ ገቢ መጻፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደመወዝተኛው ላይ ይሄ ብዙ አይታይም፤ ደመወዙን አሠሪው ስለሚያሳውቅ። የግል ሥራ ያላቸው ልጅ አሳዳጊዎች ግን ገቢያቸውን ሲያሳውቁ ከፍተኛውን ማካካሻ በሚያስገኘው ቁጥር ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። እዚህም አንድ አሠሪ በ3,000 ብር የሌለ ሠራተኛ ቢመዘግብ 750 ብር ማካካሻ ያወጣል። ወጪው 18 በመቶ ጡረታ፣ 540 ብር፣ እና 150 ብር ግብር ነው። 690 ብር ከፍሎ 750 ያገኛል። ትርፉ 60 ብር ብቻ ይመስላል፤ ግን 3,000ውን እንደ ወጪ ይዞ የድርጅቱን የትርፍ ግብር ይቀንስበታል። ስለዚህ ሙከራው መምጣቱ አይቀርም። መከላከያው ክፍያውን ከሰው ጋር ማሰር ነው። አንድ የፋይዳ ቁጥር፣ አንድ የጡረታ መለያ፣ አንድ ሒሳብ። ሁለት ቦታ ግማሽ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰውም ማካካሻው ሁለቴ እንዳይታሰብለት ደመወዞቹ በዚያው ቁጥር ይደመራሉ።

ገንዘቡ በማን በኩል ይሂድ የሚለው ሌላው ፈተና ነው። እኛ አገር ደመወዝተኛ ገቢውን ራሱ ለገቢዎች አያሳውቅም። አሠሪው ቆርጦ ያስገባል፣ አለቀ። ስለዚህ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «አሠሪው ከቆረጠው ላይ ይስጣት» ብሎ ነው። የጎረቤቴን ሆቴል እንውሰድ። እንደሷ በ2,500 ብር የሚሠሩ 8 ሰዎች አሉ እንበል። ከሁሉም የሚቆረጠው ግብር 600 ብር ነው። የሚገባቸው ማካካሻ 5,000 ብር ነው። 4,400 ብር ከየት ያመጣል? ከኪሱ አውጥቶ ከገቢዎች ተመላሽ መጠበቅ አለበት። ዝቅተኛ ደመወዝተኛ የበዛበት ድርጅት የሚቆርጠው ግብር ትንሽ፣ የሚጠበቅበት ክፍያ ብዙ ነው። የባንክ ሠራተኞች ያሉበት ቦታ ቢሆን ይቻል ነበር፤ እነሱ ደግሞ ማካካሻ አያስፈልጋቸውም። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ማካካሻውን በከፊል በአሠሪው በኩል ከደመወዝ ጋር አስቀድሞ መስጠት ሞክራ ነበር። የተጠቀመበት ሰው በጣም ጥቂት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ተዘጋ።

ጎንደር ለሚኖር ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ የእስራኤል ይመስለኛል። ከዚህ ከተማና ከዙሪያው የሄዱ ዘመዶች ያሉት ሰው ብዙ ነው። የጎረቤቴ አክስት ነታንያ ትኖራለች፤ ጽዳት ነው የምትሠራው። በስልክ ስትጫወት «መስ ሃክናሳ ሽሊሊ ገባልኝ» ትላለች። ቃል በቃል አሉታዊ የገቢ ግብር ማለት ነው። ስሙ የፍሪድማንን ይመስላል እንጂ አሠራሩ የሠራተኛ ማካካሻ ነው። ለማይሠራ ሰው አይሰጥም፤ በሕግ ስሙም የሥራ ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በተመረጡ አካባቢዎች ተጀምሮ በኋላ በመላ አገሪቱ ሆነ። ሠራተኛው ራሱ ያመለክታል፤ ገንዘቡን የግብር መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ባንክ ሒሳቡ ውስጥ ያስገባል። አሠሪው ማን እንደተከፈለው የሚያውቅበት ምክንያት የለም።

እኔም የምደግፈው ይሄንን ነው። በአሠሪው እጅ አይለፍ። ጡረታ ባስገባ ሰው ስም፣ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ በቀጥታ ይሂድ። በዓመት አንዴ ይሁን ወይስ በየወሩ የሚለው ላይ ግን ልቤ ሁለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሰው ዕዳ ይከፍልበታል፣ ዕቃ ይገዛበታል። እንደ እቁብ ማለት ነው። ጎረቤቴን ብጠይቃት እቁብ የወጣላት ቀን እንዴት እንደምትደሰት አውቃለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ 625 እየተጠራቀመ 7,500 ብር ሲሆን ጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀይራል። ግን ወሩ ከ20 በኋላ ከሱቅ ዱቤ እንደምትወስድም አያለሁ። በየሦስት ወሩ ቢሆን ለሁለቱም የሚቀርብ ይመስለኛል።

ሁለት ነገሮች ግን ያሳስቡኛል። አንደኛው ማካካሻው የሚቀንስበት ቦታ ነው። 4,000 ብር የሚከፈለው አስተናጋጅ ወደ 5,000 ከፍ ቢል 200 ብር ግብር፣ 70 ብር ጡረታ ይቆረጥበታል፤ 250 ብር ማካካሻ ይቀንስበታል። ከጨመረው 1,000 ብር እጁ የሚገባው 480 ብር ነው። ከ20,000 ብር በላይ የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅ ከሚጨመርለት 1,000 ብር ላይ 580 ብር ይቀርለታል። ድጎማ በሚያልቅበት አካባቢ ያለ ሰው ሳያውቀው ከሀብታሙ የበለጠ ይቆረጥበታል። ቁልቁለቱን ማላላት ይቻላል፤ ግን ማካካሻው እስከ 9,000 ብር ደመወዝ ድረስ ይዘልቅና ወጪው ይበዛል።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። አሠሪው «መንግሥት 625 ይሰጥሽ የለም እንዴ» ብሎ ደመወዝ መጨመር ቢያቆምስ? ኑሮ በየጊዜው በሚወደድበት አገር ደመወዝ መቀነስ አያስፈልገውም፤ ዝም ማለት ይበቃዋል። አሜሪካ ውስጥም ከማካካሻው የተወሰነው ክፍል ዞሮ ዞሮ ወደ አሠሪዎች ኪስ ይገባል ብለው የሚከራከሩ ኢኮኖሚስቶች አሉ። እዚያ ግን ከሥር የሚይዝ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለ። እኛ ጋ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 ይሄን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፤ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ወለል ግን እስካሁን የለም። ወለል ሳይኖር ማካካሻ መጀመር ውኃውን በተቀደደ እንስራ መቅዳት ይሆናል። ሁለቱ አብረው መምጣት አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ባለቤቷ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ልብስ አጣቢዋም ውጭ ናት። ማካካሻው ለነሱ አይደርስም፤ ይደርሳል ብሎ መሸጥም ትክክል አይደለም። ግን ባለቤቷ የሚሠራበት የግንባታ ተቋራጭ ቢመዘግበው ባለማካካሻ ይሆናል። «ፔሮል ውስጥ አስገባኝ» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት ያገኛል፤ ዛሬ ምንም ምክንያት የለውም።

ያን ማታ ለጎረቤቴ ያልኳት ነገር አጭር ነበር። 1,800 ብሎ መፈረም ሐሰት መፈረም ነው አልኳት። ጡረታሽም ወደፊት የሚሰላው ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደመወዝ ነው አልኳት። የ700 ብሩም ነገር የሚያስፈራ ነው፤ አንድ ወር ቢያስቀሩብሽ የትም ሄደሽ አትከሺም፤ ወረቀት የለሽማ። ሰማችኝ። ወረቀቱን አየች፤ 2,250 የሚለውንና 2,374 የሚለውን ቁጥር በጣቷ ነካካቻቸው። «124 ብር ለልጁ ደብተርና ሳሙና ትሆናለች» አለች።

በሳምንቱ ፈረመች። 1,800 ላይ።